ሆቴሉ በ30 ቀን ልክፈል አለኝ፤ ምን ብዬ ልዋዋል?

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ላይ ለሆቴሎች እንቁላል አቀርባለሁ፤ እስካሁን እጅ በእጅ ነበር። አሁን አንድ ሆቴል በየሳምንቱ የ15,000 ብር እየወሰደ፣ እያንዳንዱን ርክክብ በ30 ቀኑ ልክፈል አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ የመጀመሪያው ብር ሳይገባ አምስተኛውን ጭነት አስረክቤያለሁ። 75,000 ብር ሰው እጅ ማለት ነው። አርቢዎቹ ግን ከሳምንት በላይ አይጠብቁኝም።

ያሰብኩት 15 ቀን ነው፤ ዕዳው 45,000 ከደረሰ ሳይከፈል አላወርድም። የጨነቀኝ የመዘግየት ቅጣቱ ነው። ውሉ ዝም ካለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት 9 በመቶ ያስባል። በ45,000 ላይ በወር 337 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ! ይሄ ማንን ያስቸኩላል? በወር 2 በመቶ፣ ማለትም 900 ብር፣ ብጽፍ ደግሞ ጥምቀት ሳይደርስ ደንበኛዬ እንዳይሸሽ ፈራሁ።

ለሆቴል በዱቤ የምታቀርቡ፣ ቅጣቱን ስንት አደረጋችሁት? ከስንት ቀን እፎይታ በኋላስ ትጀምራላችሁ?