ሻጩ «ከ1974 ጀምሮ የእኛ ነው» ይላል፣ ሰርተፍኬቱ ግን የ2012 ነው

ናሆም (ጠያቂ)
የአንድ አሜሪካዊ የቆዳ ቦርሳ ብራንድ ስም ልገዛ እየተደራደርኩ ነው። ሻጩ «ስሙ ከ1974 ጀምሮ የእኛ ነው» ይላል። የምዝገባ ሰርተፍኬትም ልኮልኛል፣ ቀኑ ግን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2012 ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ በባለቤትነት የተጻፈው ሌላ ድርጅት ነው። ወረድ ብሎ የአንድ ባንክ ስምም አለ። ባለቤቱ ማነው? መጀመሪያ የተመዘገበውስ መቼ ነው?

ቢኒ
ቀላል ነው። TMview ወይም Global Brand Database ላይ ስሙን ጻፍ። የሚወጡትን ቀኖች አስተያይ። ቀድሞ ያስመዘገበው ባለቤቱ ነው። አለቀ።

ማህሌት
ቢኒ፣ የጠቀስካቸው ሁለቱም ለመነሻ ጥሩ ናቸው። የብዙ አገር መዝገብ በአንድ ቦታ ያሳያሉ። ግን የሚያሳዩት ቅጂ ነው፣ ዋናው ያለው በየአገሩ ቢሮ ነው። ቀድሞ ያስመዘገበ ሁሉ ደግሞ ባለቤት ሆኖ አይቀርም። ሳያድስ ሲቀር ምዝገባው ይሞታል፣ ወይም ስሙን ለሌላ ይሸጣል።

ናሆም፣ የአሜሪካ ብራንድ ከሆነ በቀጥታ tmsearch.uspto.gov ግባ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ማጣሪያው ላይ «Live» ብቻ ተመርጦ እንደሆነ «Dead»ንም ጨምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ያለውን ምዝገባ ብቻ አይቶ «የመጀመሪያው ይሄ ነው» ይላል። ከዚያ የምዝገባ ቁጥሩን ይዘህ tsdr.uspto.gov ላይ አስገባው። ያገኘኸውን ጻፍልን።

ጋሽ ታደሰ
እኔ ድርጅቴን በስሙ ካስመዘገብኩ ዓመታት አልፈዋል፣ ዌብሳይቱንም ይዣለሁ። ታዲያ ስሙ የኔ አይደለም እንዴ? ለምን ይሄን ሁሉ ጣጣ?

ማህሌት
ጋሽ ታደሰ፣ የድርጅት ስም ምዝገባ፣ የዌብሳይት አድራሻና የንግድ ምልክት ሦስት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። አንዱ ስላለዎት ሌላውን አያገኙም። የእርስዎን ጉዳይ ለብቻው ቢጠይቁ ይሻላል፣ እዚህ ከናሆም ጋር እንዳይደባለቅብን።

ናሆም
እንዳልሽው «Dead»ንም ጨመርኩ። ሁለት ምዝገባ ወጣ፣ ሁለቱም ለቦርሳ፣ ምድብ 18።

የቆየው ሜይ 3 ቀን 1977 ተመዝግቧል። ባለቤቱ ሰምቼው የማላውቅ ሰው ነው። ሞቷል ይላል (ምዝገባው ማለቴ ነው)። 

ሁለተኛው ሻጩ የላከልኝ ነው። «Filing Date» ማርች 14 ቀን 2011፣ «Registration Date» ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2012፣ «First Use» 1974 ይላል። በሕይወት አለ።

«Assignment Abstract of Title Information» የሚለውን ስከፍት ደግሞ ሁለት መስመር አለ። በ2016 ለባንክ «SECURITY INTEREST»። በ2018 ለሌላኛው ድርጅት «ASSIGNS THE ENTIRE INTEREST»። ግራ ገባኝ፣ ሁለት ጊዜ ነው የተሸጠው?

ማህሌት
ሁለት ጊዜ አልተሸጠም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የ2016ቱ መያዣ ነው። ሻጩ ብድር ወስዶ ስሙን አስይዟል፣ ባንኩ ባለቤት አልሆነም። እውነተኛው ዝውውር የ2018ቱ ነው፣ መብቱን ሙሉ በሙሉ ለሌላው ድርጅት ሰጥቷል። እዚህ ዝርዝር ውስጥ «CHANGE OF NAME» የሚልም ልታይ ትችላለህ፣ እሱም ሽያጭ አይደለም፣ ያው ድርጅት ስሙን ቀይሮ ነው። ስለዚህ ከፓርቲዎቹ ስም በፊት «Conveyance» የሚለውን ቃል አንብብ።

የተላከልህ ሰርተፍኬት ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ሰርተፍኬት የተሰጠበትን ቀን ፎቶ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይነግርህም። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ቢሮ ምዝገባ የሚያወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ሁለቱንም ቀን አየሁዋቸው፣ ማክሰኞ ናቸው። ሌላ ቀን የተጻፈበት ሰርተፍኬት ቢመጣልህ ግን ጠርጥር።

አሁን ወደ ቀኖቹ። 2011 ያመለከተበት ነው፣ 2012 የተመዘገበበት። ሁለት ማመልከቻ ሲጋጭ ቢሮው የሚያስቀድመው ቀድሞ ያመለከተውን ነው። 1974 ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ አመልካቹ ራሱ «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ተጠቅሜበታለሁ» ብሎ የጻፈው ነው። ቢሮው በ1974 ማን ምን እንደሸጠ ሄዶ አያጣራም። «ከ1974 ጀምሮ የተመዘገበ» ማለት ፈጽሞ አይደለም።

የመጀመሪያው ምዝገባ፣ እስካየኸው ድረስ፣ የ1977ቱ ነው። ያኔ አንድ ምዝገባ 20 ዓመት ይቆይ ነበር (10 ዓመት የሆነው ከ1989 መጨረሻ ወዲህ ነው)። ስለዚህ ሳይታደስ ቀርቶ ከሆነ 1997 ላይ አልቋል። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፦ የ2011ዱ አመልካች ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን ያገናኘዋል? TSDR ላይ «Documents» ውስጥ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ክፈት። 1974ን የጠቀሰው ከቀድሞው ባለመብት ተረክቤያለሁ ብሎ ከሆነ እዚያ ሊጽፈው ይገባል። ካልጻፈ የሞተ ስም አንስቶ የሌላ ሰው ዕድሜ ለብሶ ሊሆን ይችላል።

ቢኒ
እሺ ተሸነፍኩ። ግን 1977ቱም የመጀመሪያው መሆኑን በምን እናውቃለን?

ማህሌት
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙሉ በሙሉ አናውቅም። ከ1984 በፊት የሞቱ ምዝገባዎች እዚያ ፍለጋ ውስጥ አይገኙም። በ1950ዎቹ ሌላ ሰው አስመዝግቦት ቀደም ብሎ ሞቶ ከሆነ ስክሪን ላይ አይመጣም። ለዚያ የቢሮውን አሮጌ ጋዜጣ ማገላበጥ ነው። ለመግዛት ያን ያህል ላያስፈልግህ ይችላል፣ ታሪክ ለመጻፍ ግን ያስፈልጋል።

ሮቤል
እኔ የድሮ የቢራ ጠርሙስና ምልክት እሰበስባለሁ። የባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን በእንግሊዝ መዝገብ ቁጥር 1 ነው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1876። ለብዙ ጊዜ «ያኔ ተጀመረ» ብዬ እጽፍ ነበር። ለካ ያን ቀን የተከፈተው መዝገቡ ራሱ ነው! ቢራ ፋብሪካው ከ1777 ጀምሮ ነበር። ባለቤቱም ዛሬ ሌላ ነው፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። እና ናሆም፣ በአንድ አገር የተመዘገበ ስም ሌላ አገር የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አስፕሪን ጀርመን ውስጥ የባየር ምልክት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ማንም የሚጠራው ተራ ስም ሆኗል።

ናሆም
ማመልከቻውን ከፈትኩ። ስለ ቀድሞ ባለመብት አንድም ቃል የለም። ሻጩን የ2018ቱን ዝውውር ስጠይቀው «ያ ድርጅት የወንድሜ ነው፣ በቃል መልሶልናል» አለኝ።

ማህሌት
በቃል የተመለሰ ዝውውር መዝገብ ላይ የለም፣ በሕግም በጽሑፍ መሆን አለበት። የተፈረመ ወረቀት ካለ መዝገቡ ላይ አለመድረሱ ብቻውን ውድቅ አያደርገውም፣ ማስመዝገብ ሊዘገይ ይችላል። ግን ወረቀቱ ተመዝግቦ «Current Owner» ላይ የሻጩ ስም ሲወጣ ሳታይ ብር አትላክ። የባንኩ መያዣ ስለ መነሳቱም የሚያሳይ መስመር አልጠቀስክም። ካለ «RELEASE» የሚል ነገር ፈልግ።

ናሆም
የለም። አሁንም ድጋሚ አየሁ። ባንኩን ራሱን ልጠይቅ ነው፣ መልስ ሲመጣ እጽፋለሁ።

ጋሽ ታደሰ
እኔም የኔን ስም ፈልጌ አየሁት። ሌላ ሰው አስመዝግቦታል። አዲስ ጥያቄ ከፍቻለሁ፣ ማህሌት ልጄ እባክሽ እዚያ እይልኝ።