ክርክር፦ ቀጣዩን ዘፈን ማን ይምረጥ?

ባለ ካፌዋ (ፒያሳ)፦ ስፖቲፋይ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን አንድ ሙዚቃ ከፍቼ «ሬዲዮ» እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ የማላውቀው የፈረንጅ ጃዝ ይደረድርልኛል። ዴይሊ ሚክስ ይሻላል ወይስ የጃንር ሚክስ?

የአዘዞው፦ ሬዲዮ ካማረሽ ኤፍኤም ክፈቺ። ሰው ነው የሚመርጠው። ደውለሽም ትመርጫለሽ።

ተማሪው (ማራኪ)፦ ጋሼ፣ እሷ ያለችው ሌላ ሬዲዮ ነው። እትዬ፣ ዴይሊ ሚክስ ይሁንልዎ። እሱ የሚሰሙትን ያያል። ሬዲዮው ግን ምቱንና መሣሪያውን ለክቶ ብቻ ነው የሚያመሳስለው።

ሳውንድ ማን፦ ግማሹ ልክ ነው። ድምፁም ይታያል፤ ዋናው ግን ሰዎች የትኛውን ዘፈን ከየትኛው ጋር እንደሚሰሙና በአንድ ፕሌይሊስት እንደሚያስቀምጡ ነው። ሙላቱን ደግሞ ፈረንጁም አጥብቆ ይሰማዋል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) አንድ የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃዎቹን ከተጠቀመ ወዲህ አድማጩ በዝቷል። እነሱ ከሌላ ጃዝ ጋር ያስቀምጡታል፤ ሬዲዮውም በዚያው ይነጉዳል። እህቴ፣ ከአንድ ዘፈን አትነሺ። የምትወጃቸውን ሃያ ያህል የአማርኛ ዘፈኖች በአንድ ፕሌይሊስት ሰብስቢና ሬዲዮውን ከዚያ አስጀምሪ። መነሻው ሲሰፋ ወደ ውጭ የመንሸራተት ዕድሉ ይቀንሳል።

ባለ ካፌዋ፦ ዴይሊ ሚክሱስ? ልጄ በስልኬ የሕፃናት መዝሙር ትሰማለች። አንደኛው ሚክስ ሙሉ በሙሉ የእሷ ሆኗል!

ሳውንድ ማን፦ ሥራው ነዋ። የሰማሽውን በየዓይነቱ ይከፋፍለዋል፤ እስከ ስድስት ሚክስ ይሰጣል። አብዛኛው ቀድሞ የምታውቂው ነው፣ ጥቂት አዲስ ይጨምርበታል። የልጅቷን መዝሙሮች በአንድ ፕሌይሊስት አድርጊና ምናሌው ውስጥ «Exclude from your taste profile» የሚለውን ንኪ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከዚህ ፕሌይሊስት የምትሰማው በምርጫሽ ላይ ብዙም አይቆጠርም። የጃንር ሚክስ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ ተወስኖ በዚያው ውስጥ ያንቺን ምርጫ ይከተላል። ለካፌ ስሜቱ ስለማይቀያየር እኔ እሱን እመርጣለሁ። ብቻ ያንን ዓይነት ብዙ ካልሰማሽ የሚመርጥበት ነገር የለውም።

ተማሪው፦ እኔ አሁንም በዴይሊ ሚክስ እጸናለሁ። በአንድ ጃንር ብቻ ደንበኛው ይሰለቻል። ደግሞ የእኛን ሙዚቃ በጃንር የሚከፍለው ማን ነው? ማሲንቆውም ትዝታውም አንድ ላይ ነው የሚታጨቁት።

ሳውንድ ማን፦ እሱስ እውነት ነው። አዝማሪና ኢትዮ ጃዝ አንድ ላይ ሲመጡ እኔም አይቻለሁ።

የአዘዞው፦ ቆይ፣ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። የስፖቲፋይ ውል ለግል መስሚያ ብቻ ነው ይላል፤ ካፌ ውስጥ ማጫወት አይፈቅድም።

ባለ ካፌዋ፦ እና ፒያሳ ላይ ሁሉም የሚያጫውተው ምንድን ነው?

የአዘዞው፦ ሁሉም ማጫወቱ ውሉን ይቀይረዋል እንዴ? ኤፍኤም ክፈቺ አልኩሽ።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ ኤፍኤምንም ካፌ ውስጥ ለደንበኛ ማሰማት የራሱ ጥያቄ አለበት እኮ።