የመጀመሪያዎቹ ኸሊፋዎች ተመረጡ ወይስ ተሾሙ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ቡና ላይ ከእህቴ ጋር ተሟገትን። እሷ ከአቡበክር እስከ ዐሊይ ያሉት አራቱም ኸሊፋዎች በሕዝብ ምርጫ ነው የመጡት ትላለች። እኔ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየሾመ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

የሕግ ተማሪው፦ እህትሽ ናት ልክ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ632 ሲያርፉ ባልደረቦቻቸው ሰሓቦች ሰቂፋ በተባለው ዳስ ተሰበሰቡ። በድምፅ ብልጫ አቡበክርን መረጡ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር? አለቀ።

የደሴው መምህር፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ይዘሃል። ሰቂፋ ላይ ግን ድምፅ የቆጠረ የለም። የተጠራ ጉባኤም አልነበረም። የመዲና ሰዎች፣ አንሷሮቹ፣ በራሳቸው ሰፈር በበኒ ሳዒዳ ዳስ ተሰበሰቡ። ሊሾሙ ያሰቡት የኸዝረጅ ጎሳን አለቃ ሰዕድ ኢብን ዑባዳን ነበር፤ ሰውየው ያን ቀን ታመው ተከናንበው ነበር የተቀመጡት። ወሬው ሲደርሳቸው አቡበክር፣ ዑመርና አቡ ዑበይዳ ፈጥነው ሄዱ። ሙግቱ ጦፈ። ከአንሷሮቹ አንዱ «ከኛም አንድ አሚር፣ ከናንተም አንድ አሚር ይሁን» እስከማለት ደረሰ። ጫጫታው ሲያይል ዑመር የአቡበክርን እጅ ያዙና በይዓ፣ የታማኝነት ቃል፣ ሰጡ። ሌላው ተከተለ። በማግስቱ መስጂድ ውስጥ ጠቅላላው ሕዝብ በይዓ ሰጠ። ዐሊይና የነቢዩ ቤተሰብ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ? ጀናዛው ዘንድ። ሰዕድ ደግሞ በይዓ ሳይሰጡ ቀሩ፤ በኋላም ወደ ሻም ሄዱ።

ሪያድ ያለሁ፦ መምህር፣ ይሄ እኮ የኛው ዕድር ታሪክ ነው! እዚህ ሊቀመንበር ስንመርጥ ግማሹ ሰው ሥራ ላይ እያለ ተሰብስበው ጨረሱት። ማታ ስንመጣ «ተመርጧል፣ አጨብጭቡ» ተባልን። እስካሁን ያኮረፈ አለ። እኔ ያልገባኝ ግን ኸሊፋ ማለት የመስጂዱ ኢማም ነው ወይስ የመንግሥት መሪ?

የደሴው መምህር፦ ሁለቱንም ነበሩ። አስሰገዱም፣ ጦር ላኩም፣ ዘካ ሰበሰቡም። የዕድሩን ነገር ተወውና፣ ቅር የተሰኘ ሰው ግን ያኔም ነበር። በቡኻሪ ዘገባ ዐሊይ በይዓ የሰጡት ባለቤታቸው ፋጢማ ካረፉ በኋላ፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ኡሙ ሐያት፦ እንግዲያው አንድ ነገር አይዘለል። ሺዓዎች ጉዳዩ ሰቂፋ ላይ ተጀመረ ብለው አያምኑም። ነቢዩ ከመሰናበቻው ሐጅ ሲመለሱ ገዲር ኹም ላይ «እኔ መውላው የሆንኩለት ሰው ሁሉ ዐሊይም መውላው ነው» ብለዋል፤ መውላን መሪ ብለው ስለሚተረጉሙት ሹመቱ ያኔ ተጠናቋል ይላሉ። ሐዲሡ በሱኒ ኪታቦችም አለ። ልዩነቱ ትርጓሜው ላይ ነው።

የሕግ ተማሪው፦ ሱኒዎች ግን ውዴታና ወዳጅነት ነው የሚሉት። ደግሞም በሕመማቸው ጊዜ ሰላት እንዲያስሰግዱ የታዘዙት አቡበክር ናቸው።

ኡሙ ሐያት፦ አውቃለሁ። ይሄ እዚህ እንደማይፈታም አውቃለሁ። ጠያቂዋ «ማን ሾመ» ስላለች ነው ያነሳሁት።

የደሴው መምህር፦ ጥሩ አደረግሽ። እኔ ግን ጠያቂዋን ወደ ሌላ ቦታ ልውሰዳት። ዋናው ነገር ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለተኛው አጭር ነው፤ አቡበክር በ634 ሲታመሙ ጥቂት ሰዎችን አማከሩ፣ ከዚያ ዑመርን ሰየሙ፤ ኑዛዜውን የጻፉት ዑስማን ናቸው። እዚህ ጋ ሹመት ነው ብትዪ ማንም አይከራከርሽም።

አሁን ወደ ዑመር። በመጨረሻው ሐጃቸው ላይ ሳሉ አንድ ወሬ ጆሮአቸው ገባ። «ዑመር ቢሞት እኔ ለእገሌ በይዓ እሰጣለሁ፤ የአቡበክርስ ድንገት የተደረገች አይደለች?» ያለ ሰው ነበር። መዲና እንደተመለሱ ጁምዓ ሚንበር ላይ ወጡና ስለ ሰቂፋ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። አልደበቁም። አዎ፣ ድንገተኛ ነበረች፣ አላህ ከክፋቷ ጠበቀን አሉ። ከዚህ በኋላ ግን ሙስሊሞችን ሳያማክር በይዓ የሚሰጥም የሚቀበልም ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል ብለው አስጠነቀቁ። የሰቂፋን ታሪክ በዋናነት የምናውቀው ከዚህ ንግግር ነው። ሰቂፋ ደንብ እንዳይሆን የከለከሉትም ሰቂፋን የመሩት ሰው ራሳቸው ናቸው።

ብዙም አልቆዩ፣ በ644 ሱብሕ ሰላት ላይ በስለት ተወጉ። አልጋ ላይ ሆነው ስድስት ሰው መረጡ፦ ዐሊይ፣ ዑስማን፣ ዙበይር፣ ጦልሓ፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ እና ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ። (ከነዚህ ዑስማን፣ ዙበይርና ዐብዱረሕማን ወደኛው አገር ተሰደው ነጃሺ ዘንድ የከረሙ ናቸው። ይሄን ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም።) ልጃቸው ዐብዱላህ ይገኛል፣ ግን ከሥልጣኑ ምንም ድርሻ የለውም አሉ። ጊዜው ሦስት ቀን። እስከዚያ ሱሀይብ ያስሰግዳል።

ጠያቂዋ፦ ስድስቱ እርስ በርሳቸው ነው የመረጡት ማለት ነው? ሕዝቡስ?

የደሴው መምህር፦ ዐብዱረሕማን ብልሃት አመጡ። እኔ ከዕጩነት ልውጣ፣ በምትኩ መራጩ ልሁን አሉ። ነገሩ ዐሊይና ዑስማን ላይ ጠበበ። ከዚያ ሌሊቱን ሁሉ ሰው ማማከር ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት የእህታቸውን ልጅ የሚስወርን በር አንኳኩ። ተኝቶ አገኙት። «ተኝተሃል? እኔ በነዚህ ሌሊቶች ዓይኔ እንቅልፍ እንኳ አልቀመሰ» አሉት። ዙበይርንና ሰዕድን አስጠሩ፣ ከዐሊይ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገሩ፣ ከዑስማን ጋር ደግሞ ሙአዚኑ እስኪለያያቸው ድረስ። በነጋታው መስጂድ ውስጥ ከመካ የተሰደዱትን ሙሃጂሮች፣ አንሷሮችንና ለሐጅ የመጡትን የጦር አዛዦች ሰበሰቡ። «ሰዉን አየሁት፣ ከዑስማን ጋር የሚያስተካክሉት ሰው አላገኘሁም» ብለው በይዓ ሰጡ።

የሕግ ተማሪው፦ ቅድመ ሁኔታውንስ ዘለሉት! ለሁለቱም «በቁርኣን፣ በሱናና በሁለቱ ኸሊፋዎች አካሄድ ትሄዳለህ?» ብለው ጠይቀዋል። ዑስማን እሺ አሉ። ዐሊይ ግን በሁለቱ ኸሊፋዎች አካሄድ ራሳቸውን ማሰር አልፈለጉም፣ በአቅሜና በእውቀቴ ነው ያሉት።

የደሴው መምህር፦ ዘገባው በታሪክ ጸሐፊው በጠበሪ እና በሌሎችም አለ፣ በተለያየ አነጋገር። ልብ በል ግን፦ አቡበክርን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የቀደሙት ኸሊፋዎች አሠራር ራሱ መመዘኛ ሆነ። ከግለሰብ ወደ ተቋም የተሸጋገረው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። የደመወዝ መዝገቡ ዲዋንና የሂጅራው አቆጣጠር በዑመር ጊዜ መጡ፤ እነሱ አስተዳደር ናቸው። ይሄኛው ግን ሥልጣኑን ራሱን የሚመዝን ነው።

ኡሙ ሐያት፦ በሌላ አነጋገር ዐሊይ የተዘለሉት ገደብ የሌለበት ቃል አልሰጥም ስላሉ ነው። እኔ እንደ ድክመት አላየውም።

የደሴው መምህር፦ እኔም አላየውም። ብዙ የተከራከሩበት ነው።

ሪያድ ያለሁ፦ እሺ፣ መምረጡን ገባኝ። ማውረዱስ? የኛን ሊቀመንበር ማውረድ አቃተን እኮ።

የደሴው መምህር፦ ይሄ ከሁሉም የበለጠው ጥያቄ ነው። ስድስቱም ስለሱ የተናገሩት የለም። በ656 ከግብፅና ከዒራቅ የመጡ አማፂዎች የዑስማንን ቤት ከብበው ውረድ ሲሉ፣ አላህ ያለበሰኝን ቀሚስ አላወልቅም አሉ። የጊዜ ገደብ የለ፣ የሚዳኝ አካል የለ። ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ዐሊይ በይዓ የተሰጣቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሶሪያው ገዥ ሙዓዊያ ደግሞ መጀመሪያ የዑስማን ደም ይጠየቅ ብለው አልሰጡም። በ661 ዐሊይ ሲገደሉ፣ ልጃቸው ሐሰን ለሙዓዊያ ለቀቁ። ሙዓዊያ በሕይወት ሳሉ ለልጃቸው ለየዚድ በይዓ አስሰጡ።

ጠያቂዋ፦ እንግዲህ ለእህቴ ምን ልበላት?

የሕግ ተማሪው፦ በይዓ ስላለ ምርጫ ነው በያት። እኔ አሁንም አልለቅም።

ኡሙ ሐያት፦ የዚድም እኮ በይዓ ተሰጥቶታል። እሱንም ምርጫ ልትለው ነው?