የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሊሰናበቱ ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

የካራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም የሰፈሬ ልጆች። ካራ ያለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከ17 ዓመት በኋላ በቃኝ ብለዋል። ዓይናቸው ደክሟል። መዝገቡን ማንበብ እያቃታቸው ነው። የፊታችን እሁድ በጠቅላላ ጉባኤው ይሰናበታሉ። ሰብሳቢው ውጭ ባለነው አባላት ስም አንድ ደብዳቤ እንዲነበብ ወንድሜን ጠየቁት። ወንድሜ ደግሞ ወደ እኔ ገፋው።

ሦስት ቀን ሞከርኩ። «ለሰጡን የማይተመን አገልግሎት» ብዬ እጀምርና እሰርዘዋለሁ። ለማንም ሊነበብ የሚችል ቃል ነው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር። ብወጣ መመለስ አልችልም። ያን ሌሊት የደወሉልኝ ጋሼ ናቸው። «ድንኳኑ ተተክሏል። ወንበሩ ደርሷል። አንቺ እዚያው አልቅሺ፣ እዚህ እኛ አለን» አሉኝ። ከኋላቸው የብረቱ ቋሚ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ይህን ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ደብዳቤ እንዴት ልበለው? እባካችሁ እርዱኝ።

እህታችሁ ከጂዳ

ወይኔ ጋሼ! ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። መቼ ነው ያረፉት? አሁን እኮ ነው ስልኬን የከፈትኩት።

የካራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ኧረ እህቴ፣ በሕይወት አሉ! ሥራውን ነው የሚሰናበቱት። አስደነገጥኩሽ፣ ይቅርታ።

እህታችሁ ከጂዳ

ተመስገን። «ስንብት» የሚለውን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። እዚህ ሆኜ ከሰፈር የሚመጣ መልእክት ሁሉ መርዶ ይመስለኛል።

እኔም ልናገር። ሰው ቤት ስገባ አሠሪዬ አምስት ወር ደመወዝ ከልክላኝ ነበር። የእናቴ የእድር መዋጮ ተቋረጠ። በደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ጋሼ ግን እናቴ ቤት ድረስ ሄደው «ልጅሽ ችግር ላይ ናት መሰለኝ» አሏት። ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረቡላት። ቅጣቱን አልማሯትም፣ በየወሩ አካፍላ እንድትከፍል አደረጉ። ስሟ ሳይሰረዝ ቀረ። ይህንን ጻፊልኝ።

ጡረተኛው፣ ቶሮንቶ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ላይ ከመድረሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ርክክቡ ተደርጓል?

ከአገር ሳልወጣ በሌላ ሰፈር ስምንት ዓመት የእድር ሰብሳቢ ነበርኩ። ሁለት ገንዘብ ያዥ አሰናብቻለሁ። አንዱን በወጉ፣ አንዱን ግን በድዬው። የበደልኩትን ልንገራችሁ። ጉባኤ ጠራን፣ ጋቢ አለበስነው፣ አጨበጨብን። በሁለተኛው ወር አዲሱ ገንዘብ ያዥ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት የሁለት ካርኒ ጉርድ የለም። ማንም አልሰረቀም። ቤት ለቤት የሚሰበስበው ልጅ ጥራዞቹን እቤቱ አስቀምጦ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። ጉርዱ እስኪገኝ ግን ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ሰውየው ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ለቅሶ መድረስ ተወ። እድር ያገለገለ ሰው ለቅሶ ቤት መግባት አፍሮ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ርክክቡ ቅዳሜ ይለቅ፣ ምስጋናው እሁድ ይሁን። ሒሳብ መርማሪዎቹ ባንክ ያለውን ቀሪ በጽሑፍ ያምጡ። የመጨረሻው ካርኒ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል ወይ፣ ያልተመለሰ ጥራዝ ማን ጋ አለ፣ ይታይ። ከዚያ እጅ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ይቆጠር። ሌሊት ሰው ሲሞት ባንክ ዝግ ነውና ገንዘብ ያዥ ሁልጊዜ ለሳጥንና ለመቃብር የሚሆን ብር እቤቱ ያስቀምጣል። ጣጣ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያች ነው። ድንኳንና ወንበሩም ይቆጠር፤ የተዋሰ ሁሉ አይመልስም። አስረካቢና ተረካቢ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርሙ። በዚያው ቃለ ጉባኤ ባንክ ያለው ፊርማ ይቀየር። አለበለዚያ ሰውየው ተሰናብተውም ቼኩ እሳቸውን ይጠራል።

ሀበሻው፣ ፍራንክፈርት

አባታችን ትክክል ናቸው። እዚህ ጀርመን ማኅበር ፌራይን ይባላል። ሕጉ ግዴታ ያደርጋል። በዓመቱ ጉባኤ ካሰንፕሩፈር የሚባሉ ሒሳብ መርማሪዎች ሪፖርት ያቀርባሉ። ከዚያ አባላቱ እጅ አውጥተው ኮሚቴውን ነጻ ያወጡታል። ኤንትላስቱንግ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ባዩት ሒሳብ ማኅበሩ ኃላፊውን ዞሮ አይጠይቅም። እኛም ይህን ሕግ ብናመጣው እንዲህ ያለ ጣጣ አይኖርም ነበር። የእኛ ሰው ግን ሁሉን በይሉኝታ ነው የሚያልፈው።

ከሙኒክ

ወንድሜ፣ አንድ ማረሚያ። ሕጉ ግዴታ አያደርገውም። የየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው የሚያስቀምጠው፣ የተቀረው ልማድ ነው። ነጻ የሚወጣውም አባላቱ ለሚያውቁት ወይም ከቀረበላቸው ሒሳብ ሊያውቁት ለሚችሉት ብቻ ነው። የተደበቀ ነገር ካለ አይሸፍንም። እኛ አገር እድር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ እንኳን አይመለከተውም፤ በራሱ ደንብ ነው የሚሄደው። ጉባኤው ቢፈልግ እሁድ ራሱ «ሒሳቡን ተቀብለናል» ብሎ ሊያጸድቅ ይችላል። ጀርመን ድረስ መምጣት አያስፈልግም።

የካራው፣ ሚኒያፖሊስ

ምን ነካችሁ? ሴትዮዋ የምስጋና ደብዳቤ ጠየቀች፣ እናንተ ሰውየውን ችሎት አቆማችኋቸው። ሳንቲም ሳይከፈላቸው 17 ዓመት! ሐምሌ 2016 ብር ሲንሳፈፍ ያደረጉትን ረሳችሁት? ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሳጥኑም የምኑም ዋጋ ወጣ። እድሩ የሚሰጠው ግን ያው 10 ሺህ ብር ነበር። መዋጮው ከ50 ወደ 100 ይውጣ ብለው የተነሱት እሳቸው ናቸው። ስንቱ ሰደባቸው! አሥራ አንድ አባወራ ወጣ። ከእነዚያ አራቱን እቤታቸው ሄደው ለምነው መለሱ። አሁን ደግሞ ጉርድ ቁጠሩ ትላላችሁ።

ጡረተኛው፣ ቶሮንቶ

ልጄ፣ ስድቡን ስላነሳህ ነው እኮ የምለው። የተቀየመ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አለ። ሰባት አባወራ አልተመለሰም። የእነሱን አፍ ጭብጨባ አይዘጋውም፣ የተፈረመ ወረቀት ይዘጋዋል። ቆጠራው ለእሳቸው ነው።

የካራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አባቴ፣ አንድ ነገር አስደነገጡኝ። እኔ መዋጮዬን ስልክ የነበረው በጋሼ በራሳቸው የባንክ ሒሳብ ነው። የእድሩ ሒሳብ በሦስት ሰው ስም ስለሆነ ከዚህ መላኩ አስቸጋሪ ነበር። «ወደ እኔ ላኪው፣ ካርኒ እቆርጥልሻለሁ» አሉኝ። ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያደረግነው?

እህታችሁ ከጂዳ

እኔም።

የካራው፣ ሚኒያፖሊስ

እኔም፣ ግን ካርኒውን በቫይበር ፎቶ አንስተው ልከውልኛል።

ሀበሻው፣ ፍራንክፈርት

እኔም ልኬያለሁ። አንዳንዴ የእናቴን የበዓል ብር አብሬ ደምሬ። «ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉን ለእማዬ» እያልኩ።

ጡረተኛው፣ ቶሮንቶ

ይኸውላችሁ። ነገ አንድ ሰው የጋሼን የግል ሒሳብ አይቶ «ይህ ሁሉ ከውጭ የገባ ብር የማን ነው?» ቢል ምን ይመልሳሉ? እዚህ ውስጥ የከተትናቸው እኛ ነን፣ እንዲመቸን ብለን። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «የላክነውን ሁሉ በታማኝነት አደረሱልን» ብለሽ አትጻፊ። በጉባኤ ፊት ሲነበብ ጥያቄውን ራስሽ ትከፍቺዋለሽ። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን የላክንበትን ቀንና መጠን፣ ስንቱ መዋጮ፣ ስንቱ ለቤተሰብ እንደሆነ ለይተን ለወንድምሽ እንላክለት። እሱ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። መርማሪዎቹ ቅዳሜ አይተው ይፈርሙበት።

የካራው፣ ሚኒያፖሊስ

እኔ አልክም። ወንድሜ ሲሞት እቤቴ የቆሙ ሰው ናቸው። ዝርዝር ብልክ ጥርጣሬዬን የላክሁ ይመስለኛል።

የካራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ይገባኛል። ትናንት ማታ ግን ለጋሼ ራሳቸው ደወልኩ። እንዲህ ልናደርግ ነው፣ ቅር ይልዎታል ወይ አልኳቸው። ዝም አሉ። ደነገጥኩ። ከዚያ «እኔም ልጠይቃችሁ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። መዝገቡ መጨረሻ ላይ ውጭ ላለነው ለብቻ ገጽ አላቸው። የእያንዳንዳችን ስም፣ ቀኑ፣ የካርኒ ቁጥሩ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን በእጃቸው አልጻፉትም። የጎረቤት ልጅ ናት ስትጽፍላቸው የነበረችው፣ እሷ ስትፈተን ደግሞ ጥቂት ወር ክፍት ቀርቷል። ያንን ክፍት ቦታ የሚሞላው የእኛ ዝርዝር ነው።

ደብዳቤውን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ አባቴ ባረፈ ሌሊት በስልክ የድንኳኑ ብረት ሲመታ ሰምቻለሁ። መምጣት አልቻልኩም። ያ ድምፅ ግን ቤቴ ሰው እንደቆመበት ነገረኝ። ከመካከላችን አንዷ መክፈል ባቃታት ጊዜ የእናቷ ስም ከመዝገብ እንዳይሰረዝ አደረጉ፤ ቅጣቱን ግን አልተዉም፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ደንብ ነውና። መዋጮው ይጨመር ባሉ ጊዜ ተሰደቡ። ዛሬ ሰው ሲያርፍ ሳጥን ለመግዛት ጎረቤት የማይለምን ቤተሰብ ካለ በዚያ ስድብ ነው። ቅዳሜ ያስረከቡት መዝገብ…»

እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። የቅዳሜው ውጤት ሳይታወቅ ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልችልም። ስጦታውስ? ወንድሜ ጋቢና የምስክር ወረቀት እያለ ነው።

ሀበሻው፣ ፍራንክፈርት

የምስክር ወረቀት ጥሩ ነው። እዚህ የበጎ ፈቃድ ምስክር ወረቀት ለሥራ ማመልከቻ ሁሉ ይጠቅማል።

የካራው፣ ሚኒያፖሊስ

ለጋሼ የሥራ ማመልከቻ? ተው እንጂ። ዝርዝሬን ልኬያለሁ፣ እሳቸው ከጠበቁት። እያንዳንዳችን 50 ዶላር እናዋጣ። በእድሩ ሒሳብ ግን አይግባ፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

እህታችሁ ከጂዳ

እኔ 50 ዶላር አልችልም፣ የቻልኩትን እልካለሁ። ግን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ዓይናቸውን ሐኪም አይቶታል? እናቴም «አርጅቼ ነው» እያለች ሁለት ዓመት ተቀምጣ ነበር። ሞራ ሆኖ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና ተነሳላት፣ አሁን ክር በመርፌ ቀዳዳ ታስገባለች። የዓይን ግፊት ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፣ ያለውን ለማትረፍ ቶሎ መድረስ ነው። በጋቢው ፈንታ ምርመራው ቢሆንስ?

የካራ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አላሰብኩትም ነበር። ወንድሜ አሁን ተኝቷል። እዚያ ሲነጋ እደውልለታለሁ።