የስምንት ሳምንት ዕቅድ ተሰጠኝ፤ ካልሞላሁ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ?

ደብተሬ፦
ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝ አገር በአንድ የጭነት ድርጅት ሂሳብ ክፍል ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሠርቻለሁ። ሥራዬ የአቅራቢዎችን ኢንቮይስ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነው። በቅርቡ አለቃዬ ጠርታኝ «የአፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ» የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝ። ከመቶ ምዝገባ ዘጠኙ ስሕተት ስላለበት በስምንት ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት ይውረድ ይላል። በየማክሰኞው እየተገናኘን እንገመግማለን ተብሎ ነበር፤ ሦስት ሳምንት አልፎ የተገናኘነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አልሰረቅሁም፣ አላረፈድሁም፣ ከማንም አልተጣላሁም። ሥራው አልሆነላትም ብለው ብቻ ሊያባርሩኝ ይችላሉ? ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ ወረቀቱን ፈርመሽ ነይ ብለውኛል። ልፈርም ወይስ ልተው?

ባሕር ማዶ፦
እህቴ፣ እንዳትፈርሚ! መፈረም ጥፋትን ማመን ነው። እኔ አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ይህ ዕቅድ የሚሉት ነገር ፋይል ማደለቢያ ነው፤ ውሳኔው ቀድሞ አልቋል። አሠሪ ደግሞ በፈለገው ቀን ማሰናበት ይችላል፣ ምክንያት የመስጠት ግዴታም የለበትም። ዛሬውኑ ሌላ ሥራ ፈልጊ።

የድሮ ተወካይ፦
ወንድሜ፣ የነገርካት የአንተን አገር ሕግ ነው። እዚያም ቢሆን ሞንታና የምትባለዋ ግዛት በዚህ አትስማማም።

እኔ እዚሁ እንግሊዝ አገር የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ሆኜ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ውስጥ ብዙ ተቀምጫለሁ። ልጄ፣ መራራውን ላስቀድም፦ አዎ፣ ይችላሉ። የ1996ቱ የሥራ ሕግ ለስንብት በቂ ናቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው ምክንያቶች አንዱ የችሎታ ማነስ ነው፤ ጥፋት መሥራት አያስፈልግም። ነገር ግን በቂ ምክንያት መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ በአግባቡ መሰናበት ሌላ። ዳኛው «እኔ ብሆን አሰናብታት ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚመረምረው አሠሪው ችሎታዋ አነሰ ብሎ ያመነው ከልቡና በመረጃ ስለመሆኑ፣ ምን እንደሚጠበቅባት ስለመንገሩ፣ ስለ መርዳቱ፣ በቂ ጊዜ ስለ መስጠቱ፣ ካልተሻሻለች እንደምትሰናበት አስቀድሞ ስለ ማስጠንቀቁ ነው።

አሁን ወረቀትሽን አውጥተሽ አንድ ነገር ፈልጊ። «ካልተሻሻለ ስንብት ሊከተል ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው? የሠራተኛና የአሠሪ ጉዳዮችን የሚያማክረው አካስ የተባለው የዚህ አገር ተቋም ባወጣው መመሪያ የተለመደው መንገድ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በኋላ ስንብት ነው፤ ይግባኝም አለው። «ዕቅድ» የሚለው ቃል ሕጉ ውስጥ የለም። ያንቺ ወረቀት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ ተራ ምክርም ሊሆን ይችላል። ተራ ምክር ከሆነ በስምንተኛው ሳምንት ከዚያ ተነሥተው ወደ ስንብት ቢዘልሉ ለመከላከል ይቸገራሉ። አንድ ምልክት ልንገርሽ፦ ለሐሙሱ ስብሰባ «የሥራ ባልደረባ ወይም የማኅበር ተወካይ ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ» ብለው ከጻፉልሽ፣ መደበኛው ሂደት የተጀመረ ይመስላል።

ፊርማውን በተመለከተ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ይህ አያስርሽም። እምቢ ብሎ መቅረት ግን ግትር ያስመስልሻል።

የሌሊት ፈረቃ፦
እኔ በአሠሪ ፈቃድ የመጣሁ ተንከባካቢ ነበርሁ። ሲያሰናብቱኝ አሠሪዬ ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳወቀ፤ በስልሳ ቀን ውስጥ ሌላ አሠሪ ካልተገኘ አገር መልቀቅ ግድ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሌላ አሠሪ ያገኘሁት በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ቤት የምልከውን አላቋረጥሁም፤ እየተበደርሁ ላክሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ማርፈዱን ብትተዪና ይቅርታ ብትጠይቂ ይሻላል።

ደብተሬ፦
እኔ እኮ አላረፍድም! የመኖሪያ ፈቃዴም ቋሚ ነው፣ በዚያ በኩል ደኅና ነኝ። ስለ ቤት ያልሽው ግን ልቤን ነካኝ። እናቴ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ባንክ ቤት ትሄዳለች። ምንም አልነገርኋትም።

ጋሼ፣ ወረቀቱን አየሁት። ስለ ስንብት አንድም ቃል የለውም፤ «ተጨማሪ እርምጃ ሊታሰብ ይችላል» ብቻ ነው የሚለው። ስሕተቶቼንም መቁጠር ጀምሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት 160 መዝግቤ 14 ተሳስቻለሁ። ከአሥራ አራቱ ስድስቱ አዲሱ ፕሮግራም ሲገባ የአቅራቢዎች መለያ ቁጥር ተሳስቶ የተላለፈባቸው ናቸው። ስለ ፕሮግራሙ የተሰጠን ሥልጠና የግማሽ ቀን ነበር።

የድሮ ተወካይ፦
ይኸ ነው ደብተር! እስቲ እናስላው። አሥራ አራቱ ከመቶ ወደ ዘጠኝ ይጠጋል፤ እነርሱ ያሉት ልክ ነው። ስድስቱ ሲወጡ የቀሩት ስምንት ናቸው፣ ከመቶ አምስት ማለት ነው። ሁለት አልደረስሽም፤ ይህን እንዳትሸሽጊ። ነገር ግን በሐሙሱ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቢ፦ በአዲሱ ፕሮግራም ባልደረቦቼ ከመቶ ስንት ይሳሳታሉ? እነርሱም አምስት ከሆኑ ሁለት የሚለው ግብ ላንቺ ብቻ የተሰፋ ነው። እነርሱ ሁለት ከሆኑ ግን ክርክርሽ የሚቀረው በሥልጠናውና ሳትገናኙ ባለፉት ማክሰኞዎች ላይ ነው። ያልተገናኛችሁባቸውን ቀኖች ዛሬውኑ በኢሜይል ለአለቃሽ ጻፊላት፤ ሳትወቅሺ፣ «መቼ እንተካቸው?» ብለሽ ብቻ።

አለቃ ነኝ፦
ሁሉም አለቃ ጅብ ተደርጎ ሲሣል ዝም ማለት አልቻልሁም። ስድስት ሰው አስተዳድራለሁ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቅድ አውጥቻለሁ። አንዱ ሰው አልፎ ዛሬም አብሮኝ ይሠራል። ሌላው ተሰናበተ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን የእርሱን ሥራ ማታ ማታ ተቀምጠው የሚያርሙት ሁለት ባልደረቦቹ ነበሩ። የእነርሱስ መብት?

ባሕር ማዶ፦
ከሁለት አንዱን አባረህ አምሳ በመቶ አለፈ ልትለን ነው? የተሰናበተውን ስንት ማክሰኞ ቀረህበት?

አለቃ ነኝ፦
አንድም። እያንዳንዱን ስብሰባ ጽፌአለሁ። ማስጠንቀቂያ ለዘላለም አይሰጥም ጌታው።

የድሮ ተወካይ፦
አለቃው የሚለው ውስጥ እውነት አለ። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጭራሽ አያስፈልግም። በ1978 የተወሰነ የአንድ አውሮፕላን አብራሪ ጉዳይ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ክፉኛ አሳረፈ፣ ተሰናበተ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ስንብቱ አግባብ ነው አለ። ኢንቮይስ ግን አውሮፕላን አይደለም። የደብተሬ ስሕተት ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ጊዜና እርዳታ ይገባታል።

ደብተሬ፦
አንድ ያልነገርኋችሁ ነገር አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጥር ይገለባበጥብኛል፤ 56ን 65 አድርጌ እጽፋለሁ። ከቀሩት ስምንት ስሕተቶች አምስቱ እንደዚያ ናቸው። ተመርምሬ አላውቅም።

የድሮ ተወካይ፦
ይህንን አለቃሽ ታውቃለች?

ደብተሬ፦
አታውቅም። ሰበብ ፈጠረች እንዳትለኝ ፈርቼ።

የድሮ ተወካይ፦
ልጄ፣ ይህ ጉዳዩን ሊለውጠው ይችላል። የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ እንዲህ ያለው ነገር እንደ አካል ጉዳት የሚቆጠር ከሆነ አሠሪው ሥራውን እንዲያመቻችልሽ ያስገድደዋል። ይቆጠር እንደሆነ ግን የሚታየው በዕለት ኑሮሽ ላይ ባለው ጫና ነው፤ እዚህ ተቀምጬ ልፈርድልሽ አልችልም። አሠሪው ካላወቀና ሊያውቅ የሚችልበት መንገድም ካልነበረ ደግሞ ማመቻቸት አለበት አይባልም። ከሐሙስ በፊት በጽሑፍ አሳውቂ።

አለቃ ነኝ፦
በሦስተኛው ሳምንት ላይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን እጠራጠራለሁ። መጀመሪያ ተመርመሪ፣ ከዚያ ተናገሪ።

ባሕር ማዶ፦
ምርመራው እስኪደርስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል! አሁን ትናገር።

የሌሊት ፈረቃ፦
እኔ ያኔ የጀርባ ሕመሜን ሳልናገር ቀረሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ደብተሬ፦
አለቃዬ አሁን መልስ ላከች። «ማክሰኞዎቹን ሐሙስ እናነሣቸዋለን። ከሰው ኃይል ክፍል አንድ ሰው ይገኛል» ትላለች። ባልደረባ ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ የሚል ግን የለም። ጋሼ፣ ይሄ እንግዲህ የትኛው ነው?