«በሒሳብ ስሌት ወረደ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሜሮን (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሊጉ ማብቂያ ሲቃረብ ቤታችን ሬዲዮ አይዘጋም። ጋዜጠኛው አንድ ሳምንት «ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነው፤ በሒሳብ ስሌት ግን ገና አልወረደም» ይላል። በሌላው ሳምንት ሁለት ጨዋታ እየቀረው «በሒሳብ ስሌት መውረዱ ተረጋገጠ» ይለናል። ጨዋታ እየቀረው እንዴት ይወርዳል? በሒሳብ ያልሆነ መውረድስ አለ?

አብዲ (ሳቢያን)
አቦ ይሄ ምን ያስቸግራል? ወራጅ ማለት የሚወርድ ነው። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስትዪ ወረድሽ ማለት አይደለም፤ ልትወርጂ ነው። አለቀ።

ሜሮን
አብዲ፣ «ወራጅ»ን አላጣሁትም። የጠየቅኩት ስለ «ሒሳቡ» ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ (ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ)
ሜሮን፣ ብዙ ዓመት በውድድሮች ላይ ኮሚሽነር ሆኜ ስለሠራሁ እኔ ልሞክረው። ወራጅ ቀጠና ዛሬ ደረጃው ላይ ያለሽበት ቦታ ነው። ነገ ካሸነፍሽ ትወጪያለሽ። በሒሳብ ወረደ የሚባለው ግን ቀሪ ጨዋታዎች በምንም ዓይነት ውጤት ቢያልቁ ከዚያ ቦታ መውጣት የማይቻል ሲሆን ነው።

ብዙ ሰው ስሌቱን በመቀነስና በመደመር ብቻ ይጨርሰዋል። ቀሪውን ጨዋታ በሦስት ያባዛል፣ ካለው ነጥብ ላይ ይደምራል፣ ከበላዩ ካለው ጋር ያስተያያል። ይህ መነሻ ነው፤ ግን አንዳንዴ ያሳስታል። በሰፈሮቻችን ስም አንድ ሊግ እንፍጠር። ከዚራ 30 ነጥብ፣ ገንደ ቆሬ 29፣ ሳቢያን 24 አላቸው። ሁሉም ሁለት ሁለት ጨዋታ ይቀራቸዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ይወርዳሉ፣ አንዱ ብቻ ይተርፋል። ሌሎቹ ቡድኖች ርቀው ሄደዋል። አብዲ፣ ያንተ ሳቢያን ወርዷል ወይስ አልወረደም?

አብዲ
ጋሼ፣ ሁለቱንም ካሸነፍን 30 እንገባለን። ገንደ ቆሬን አለፍነው፣ ከዚራን ደረስንበት። አልወረድንም!

ጋሽ ሙሉጌታ
እኔም እንደዚያ እንድትል ነበር የፈለግሁት። አሁን አንድ ነገር ልጨምር። ከሚቀሩት ጨዋታዎች አንዱ ከዚራ ከገንደ ቆሬ የሚገናኙበት ነው። ከዚራ ካሸነፈ 33 ይሆናል። ገንደ ቆሬ ካሸነፈ 32 ይሆናል። አቻ ከወጡ ከዚራ 31 ይገባል። ከሦስቱ ውጤቶች የትኛውም ቢመጣ ከእናንተ 30 የሚበልጥ አንድ ቡድን አለ። ሁለቱን በነጥብ መቅደም ስለማትችሉ ሳቢያን ከዛሬ ጀምሮ ወርዷል። የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ማን ከማን እንደሚጫወት ፕሮግራሙን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት።

አብዲ
በሰው ጨዋታ ወረድን በሉኛ! ወላሂ ግፍ ነው።

ፈቲያ (ሐረር)
ጋሽ ሙሉጌታ ጥሩ አድርገው አስረዱ። እኔ የምጨምረው፣ ነጥብ እኩል ከሆነ የሚለየው ግብ ክፍያ ነው። የትም አገር እንደዚያ ነው። ስለዚህ 30 ለ30 ቢሆኑ እንኳ ግብ ክፍያው የከፋ ቡድን «በሒሳብ ወረደ» ሊባል ይችላል።

ጋሽ ሙሉጌታ
ፈቲያ፣ ግማሹ ልክ ነው። እንግሊዝ እንዳልሽው መጀመሪያ ግብ ክፍያ ያያል። ስፔን ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርስ በርስ ግንኙነት ነው። ግብ ክፍያውን በተመለከተም፣ ጨዋታ እስካልቀረ ድረስ ነው የሚሠራው። ጨዋታ ከቀረ ልዩነቱ 20 ግብ ቢሆንም ጥንቁቅ ጋዜጠኛ «በሒሳብ ወረደ» አይልም፤ ስንት ግብ እንደሚቆጠር ጣሪያ የለውማ። እርስ በርስ ግንኙነት ላይ ግን ሁለቱም ጨዋታዎች አስቀድመው ካለቁና አንዱ ከበለጠ በሁለቱ መካከል ነገሩ ተዘግቷል፤ ከነጥቡ እኩልነት በፊት አሸናፊው ታውቋል።

የጣሊያኑን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሴሪ ኣ ሲጠናቀቅ ቬሮና እና ስፔዚያ 31 ለ31 ነጥብ ሆኑ። ሁለቱም በመጨረሻው ቀን ተሸንፈዋል፤ ቬሮና በሚላን፣ ስፔዚያ በሮማ። ከሁለቱ አንዱ መውረድ ነበረበት። በእርስ በርስ ግንኙነት ቢታይ ስፔዚያ ይተርፍ ነበር፤ ቬሮናን በራሱ በቬሮና ሜዳ 2 ለ 1 አሸንፎታል፣ በመልሱ ያለ ግብ ተለያይተዋል። በግብ ክፍያ ቢታይ ደግሞ ቬሮና ይተርፍ ነበር። አንድ ሰንጠረዥ፣ ሁለት መልስ! በዚያ ዓመት ግን ደንቡ ተቀይሮ ነበር። ለመትረፍ በመጨረሻው ቦታ ላይ ነጥባቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቡድኖች አንድ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ይጫወቱ ተባለ። ሬጂዮ ኤሚሊያ ላይ ቬሮና 3 ለ 1 አሸንፎ ቆየ፣ ስፔዚያ ወረደ።

ስለዚህ «በሒሳብ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም። የየትኛው ሊግ ደንብ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈቲያ
ይህንን አላውቅም ነበር። ስፔዚያዎች ግን አሳዘኑኝ።

ዳዊት (ሐረር)
ወደ ቋንቋው ልመልሳችሁ። «ግብ ክፍያ» ለምን «ክፍያ» ሆነ? የምንቀንስ ከሆነ «ልዩነት» አይበቃም? የእኔ ግምት ይኸውና። «ከፈለ» በአማርኛ ገንዘብ ሰጠ ማለትም ነው፣ አካፈለ ማለትም ነው። ድሮ እንግሊዞች እኩል ነጥብ ያላቸውን የሚለዩት ያገባውን ለገባበት በማካፈል ነበር። 30 አግብቶ 20 የገባበት 1.5 ያገኛል። መቀነስ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ ነው። ስሙ ከማካፈሉ ዘመን የቀረ አይመስላችሁም?

ሜሮን
ደስ ይላል፤ ግን ማካፈል ከሆነ «ክፍፍል» ወይም «ክፋይ» አይባልም ነበር? «ክፍያ» ስል እኔ የሚታየኝ ደመወዝ ነው። የገባብህን ግብ ባገባኸው መክፈል፣ ዕዳ እንደማወራረድ፣ ቢሆንስ?

ዳዊት
ሊሆን ይችላል። ማስረጃ የለኝም ብዬ ነው «ግምት» ያልኩት።

አብዲ
እኛ ጋ የሰፈር ውድድር ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የእኛ ቡድን አምና መጨረሻ ወጥቶ ወደ ታችኛው ምድብ መውረድ ነበረበት። ዘንድሮ ስሙን ቀይሮ፣ ማሊያ ቀይሮ፣ ላይኛው ምድብ ላይ ተመዘገበ። ይሄ ምን ይባላል?

ጋሽ ሙሉጌታ
እንዲህ ያለውን በተመለከተ ብዙ ቅሬታ ፈርሜያለሁ። ማን ፈቀደላችሁ?

አብዲ
ጋሼ እሱን ተዉት።

ፈቲያ
እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሒሳብ የወረደ ቡድን ሳይወርድ የቀረበት ጊዜ አለ?

ጋሽ ሙሉጌታ
ስሌቱ ውድድሩ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ውጤቱም ይጸድቃል ብሎ ነው የሚነሳው። እኛው አገር በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ፕሪምየር ሊጉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም አልነበረም። ነጥብ የሚቀነስበት ክለብ ካለም ስሌቱ ከአዲስ ይጀመራል፤ ኤቨርተን እ.ኤ.አ. በ2023/24 እንደዚያ ሆኖበታል፣ መጀመሪያ 10 ቀነሱበት፣ ይግባኝ ብሎ 6 ሆነ፣ በኋላ ሌላ 2 ጨመሩበት። በዚያን ጊዜ ከስሩ ያሉት ቡድኖች ተስፋ በየወሩ ይለዋወጥ ነበር።

ሜሮን
እንግዲህ ዛሬ ማታ ሬዲዮው ሲከፈት ወንድሞቼን «ቀሪዎቹ ከማን ከማን ነው የሚጫወቱት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዳዊት፣ ስለ «ክፍያ» የቆየ የስፖርት ጋዜጣ ያለው ሰው ካገኘህ ጻፍልን።