ማህተም ያለበት ቫይታሚን ብቻ ይገዛ?

ጥያቄው፦ «አሜሪካ ውስጥ ቫይታሚን ስንገዛ ከመንግሥት ውጭ ምርት የሚመረምሩት የዩኤስፒ ወይም የኤንኤስኤፍ ድርጅቶች ማህተም የሌለበትን ጨርሶ እንተው? ወይስ ማህተሙም የሽያጭ ዘዴ ነው?»

ሄኖክ፦ ለማህተም ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል ሞኝነት ነው። ጠርሙሱ ላይ «በኤፍዲኤ በተመዘገበ ፋብሪካ የተመረተ» የሚል ካለ የመንግሥት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው አይቶታል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሰላማዊት፦ ሄኖክ፣ መመዝገብና መጽደቅ ይለያያሉ። ፋብሪካው ተመዘገበ ማለት የት እንዳለ አሳወቀ ማለት ነው፤ ኤፍዲኤ ጠርሙሱን ከፍቶ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንደ ቫይታሚን ያለ ሰፕሊመንት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት እንደ መድኃኒት አይጸድቅም። የአመራረት ደንብ አለ፣ ኤፍዲኤም ፋብሪካ ይፈትሻል፤ ግን ችግር ሲኖር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ነው። በ2023 ተመራማሪዎች ለእንቅልፍ የሚወሰድ 25 ዓይነት የሜላቶኒን ጋሚ፣ ማለትም የሚታኘክ ከረሜላ መሰል፣ ገዝተው ሲመረምሩ የ22ቱ መጠን ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። አንዱ ውስጥ ሜላቶኒን ጨርሶ አልነበረም፤ ሌላው ደግሞ ከተጻፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበረው። በሱ ልጅ ማስተኛት ምን እንደሚሆን አስበው።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ታዲያ ማህተሙ ይህን ያስቀራል?

ሰላማዊት፦ ብዙውን። ዩኤስፒ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን መኖሩን፣ እንደ እርሳስ ያሉ ጎጂ ነገሮች ከገደብ አለማለፋቸውንና እንክብሉ ሆድ ውስጥ መሟሟቱን ያያል። ፋብሪካውንም ይፈትሻል፤ በኋላም ከሱቅ መደርደሪያ እያነሳ ይመረምራል። ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ማህተሙ የሚሰጠው ለምርቱ እንጂ ለብራንዱ አይደለም። የአንድ ኩባንያ ቫይታሚን ዲ ማህተም ሲኖረው የዚያው ኩባንያ ማግኒዚየም ላይኖረው ይችላል። በእጅህ የያዝከውን ጠርሙስ ነው የምታየው።

መሠረት፦ እኔ ለፀጉሬ የምወስደው ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን 10,000 ማይክሮግራም ነው፣ ማህተምም አለው። እንግዲያው ፀጉር እንደሚያሳድግ ተረጋግጧል ማለት ነዋ!

ሰላማዊት፦ አይ እህቴ፣ የተረጋገጠው ጠርሙሱ ውስጥ ባዮቲን መኖሩ ነው። ይሠራል አይሠራም የሚለውን ማህተሙ አይነካውም። ጠርሙሱን አዙሪና ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መቶኛ እዪ፤ የአዋቂ ሰው የቀን መጠን 30 ማይክሮግራም ስለሆነ ወደ 33,333 በመቶ ይላል። መጠኑን በሐቅ ጽፈዋል፣ ግን ያን ያህል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚናገር የለም። የባዮቲን እጥረት ለሌለበት ሰው ፀጉር ያሳድጋል የሚለው ጠንካራ ማስረጃ የለውም።

ከፊት ለፊት ያለውን ጽሑፍም ልብ በዪ። «ጤናማ ፀጉርን ይደግፋል» ሕጉ የሚፈቅደው አባባል ነው። ከአጠገቡ ትንሽ ኮከብ ታገኛለሽ፤ ኮከቢቱን ተከትለሽ ወደ ታች ስትወርጂ ኤፍዲኤ ይህን አባባል እንዳልገመገመው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «የፀጉር መርገፍን ያድናል» ብሎ የጻፈ ግን መስመር አልፏል፤ ሰፕሊመንት በሽታ አድናለሁ ማለት አይፈቀድለትም። እንዲህ የሚል ኩባንያ ሌላውንም ጽሑፉን አላምንለትም።

መሠረት፦ የታይሮይድ የደም ምርመራም ቀጠሮ አለኝ፣ ይነካዋል?

ሰላማዊት፦ ይነካዋል። ብዙ የላብራቶሪ መሣሪያዎች ምርመራውን የሚሠሩት ባዮቲንን ተጠቅመው ስለሆነ ደም ውስጥ ሲበዛ ንባቡን ያዛባል። ታይሮይድሽ ደህና ሆኖ ሳለ ከልክ በላይ የሚሠራ ሊመስል ይችላል። ኤፍዲኤ በ2017 አስጠንቅቋል፤ የልብ ሕመም የሚለይበት የትሮፖኒን ምርመራም በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል። ለታይሮይድ ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ ማቆም ይመከራል፤ ለሐኪምሽ መጠኑን ጭምር ንገሪ።

ዳዊት፦ ያለማህተም የሚሸጠውን ሁሉ ግን አትኮንኑ። ማህተም ክፍያ አለው፣ ትንንሽ አምራች አይችለውም። ሐቀኛ የሆኑት ለእያንዳንዱ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር ለተመረተው፣ የላብራቶሪ ውጤት ያወጣሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው የባች ቁጥር ከጠርሙሱ ጋር መግጠሙን፣ የመረመረው ላብራቶሪ ስምና ቀን መኖሩን እዩ። ውጤቱም በቁጥር ይጻፍ፤ «አልፏል» ብቻ ከሆነ ምንም አልነገሩህም። ቫይታሚን ዲ 1,000 ዩኒት ተብሎ 1,120 ቢወጣ አትደንግጡ፤ እስኪያልፍበት ቀን ድረስ ስለሚቀንስ አውቀው ትንሽ ይጨምሩበታል።

ሄኖክ፦ ላብራቶሪውን የሚከፍለው ያው ሻጩ አይደል? ናሙናውንስ መርጦ የሚልከው ማነው?

ዳዊት፦ ሻጩ ነው። ዩኤስፒንም እኮ የሚከፍለው አምራቹ ነው።

ሰላማዊት፦ ልዩነቱ ዩኤስፒ ራሱ ከሱቅ ማንሳቱ ነው። በዳዊት ወረቀት ግን ሻጩ የላከው ናሙና እኛ የገዛነው መሆኑን የሚያረጋግጥልን የለም።

ዳዊት፦ ማህተም ያለው አንድም ባይገኝስ? ለብዙ የዕፅዋት ውጤት እኮ አታገኚም።

ሰላማዊት፦ ለዕፅዋቱ እኔም መልስ የለኝም። «ልዩ ቅይጥ» ብሎ ድምሩን ብቻ ጽፎ የእያንዳንዱን መጠን የደበቀውን ግን ወረቀት ቢኖረውም አልገዛም።